ከ34 ቀን በኋላ የላኩት ኢሜይል

ዛሬ ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ለደንበኛዬ ኢሜይል ጻፍኩ። መጀመሪያ "ይቅርታ፣ ላስቸግርዎት ነው" ብዬ ጀምሬ ነበር። አጠፋሁት። ሠርቼ ላስረከብኩት ሥራ ክፍያ መጠየቅ ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል?

ርዕሱ ላይ "ኢንቮይስ ቁጥር 017፣ ያልተከፈለ 42,000 ብር" አልኩ። ከዚያ፦

"ጥቅምት 5 የላኩልዎት ኢንቮይስ በውላችን መሠረት ጥቅምት 20 መከፈል ነበረበት። ዛሬ 34 ቀን አልፎታል። እስከ ታህሳስ 1 ካልተከፈለኝ የቀሩትን የማሸጊያ ዲዛይኖች መሥራት አቆማለሁ።"

ኢንቮይሱንና ሥራውን መረከባቸውን የጻፉልኝን ኢሜይል አያያዝኩ። "አልደረሰንም" እንዳይሉኝ። ለፋይናንስ ክፍሉም ግልባጭ አደረግኩ። ሥራ አስኪያጁ "እሺ፣ ነገ" ይለኛል፤ ቼኩን የሚያዘጋጁት ግን እነሱ ናቸው። ስድብም ማስፈራሪያም የለበትም። ሥራ ማቆሙን ግን ከምሬ ነው፤ ውሉም ይፈቅድልኛል።