ሠላሳ ዶላሩ የት ገባ?

የታክስ ሰሞን ነው። አንዲት የሙያ ባልደረባዬ ከአካውንታንቷ ቢሮ እንደወጣች ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ሠርቻለሁ። ታክሱን የምከፍልበት ገንዘብ ግን የለኝም» አለች። ድምፅዋ ተሰብሯል።

ሁለታችንም የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እንተረጉማለን። እዚህ አካባቢ ሥራ አይጠፋም። የዲሲ ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት ቢሮዎች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን እንዲያስተረጉሙ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። ስለዚህ የእሷ ችግር የሥራ እጦት አልነበረም። የምትሸጠው ሰዓት ዋጋ ነበር።

በማግስቱ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ካፌ ተገናኘን። ኢንቮይሶቿንና አንድ ደብተር ይዛ መጣች። ቀድሞ ቢሮ ተቀጥራ በሰዓት 25 ዶላር ታገኝ ነበር። ሥራውን ትታ በግሏ መተርጎም ስትጀምር አንድ የትርጉም ኤጀንሲ «ለአርትዖት በሰዓት ስንት ትጠይቂያለሽ?» አላት። 30 አለች። «ከድሮው በ5 ዶላር ይበልጣላ» አለችኝ። ኤጀንሲው ሳያቅማማ ተቀበለ። በሰዓት ለሚከፍሏት ሌሎች ደንበኞቿም ያንኑ ዋጋ ነገረች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተቀጣሪ 25 ዶላርና የግል ሠራተኛ 30 ዶላር አንድ ዓይነት ገንዘብ አይደሉም። ተቀጣሪ ሻይ ሲጠጣም፣ ስብሰባ ሲቀመጥም፣ በበዓል ቀንም አብዛኛውን ጊዜ ይከፈለዋል። ለሶሻል ሴኪዩሪቲና ለሜዲኬር ከሚሄደው መዋጮ ግማሹን አሠሪው ይሸፍንለታል። በግሉ የሚሠራ ሰው ግን ሁለቱንም ግማሽ ራሱ ይከፍላል። 15.3 በመቶ ነው፤ የሚታሰበው ከወጪ በኋላ በቀረው ትርፍ 92 በመቶ ገደማ ላይ ነው። ይህ ከገቢ ግብሩ በፊት ነው። በዚያ ላይ ታክሱን ማንም ከክፍያው ላይ ቀንሶ አያስቀምጥለትም። ሙሉው ገንዘብ ባንክ ስለሚገባ የራስ ይመስላል። የታክሱ ክፍያ በዓመት 4 ጊዜ፣ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ አጋማሽ ይጠበቃል። እሷ አንዱንም ስላልከፈለች መቀጫም ተጨምሮባታል።

ደብተሩን ገለጥኩና ጥያቄውን ከወዲያኛው ጫፍ ጀመርኩት። «ኤጀንሲው ስንት ይከፍላል የሚለውን ለጊዜው ተዪው። ሁሉም ነገር ተከፍሎ፣ በወር ስንት እጅሽ ላይ እንዲቀር ትፈልጊያለሽ?»

አሰብ አደረገች። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ መኪና፣ አዲስ አበባ ለእናቷ የምትልከው። «4,000» አለች። በዓመት 48,000 ማለት ነው። የጤና ኢንሹራንሷ በወር 450 ነው፤ በዓመት 5,400። ሁለቱ ሲደመሩ 53,400 ሆነ።

ቀጥሎ ታክስ። ያላገባች፣ ልጅ የሌላት፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የምትኖር ናት። አካውንታንቷ በዚህ የገቢ ደረጃ ፌዴራሉም፣ ስቴቱም፣ ካውንቲውም ተደምሮ ከትርፏ 26 በመቶ ገደማ እንደሚሄድ አስልቶላታል። ቁጥሩ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ባለትዳር ከሆኑ፣ ልጅ ካለ፣ ስቴቱ ሌላ ከሆነ ይቀየራል። ስለዚህ ሁሉም የራሱን ማሠራት አለበት።

ልጅቷ ካልኩሌተሩን አንስታ በ53,400 ላይ 26 በመቶውን ደመረች። 67,284 መጣ። «ይኸው» አለች። አይሆንም አልኳት። ታክሱ የሚቆረጠው ከ53,400 ላይ ሳይሆን ከትልቁ ቁጥር ላይ ነው። ከ67,284 ላይ 26 በመቶ ሲነሳ የሚቀረው 49,790 ነው። 3,600 ገደማ ይጎድላል፤ አንድ ወር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ኑሮዋ ማለት ነው። ከ100 ዶላር 26ቱ ከሄደ የሚቀረው 74 ነው። ስለዚህ 53,400ን ለ0.74 ማካፈል ነው። 72,160 ወጣ። ይህን እርምጃ ደጋግሜ የምናገረው፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ስህተቱ ፈጽሞ ስለማይታወቅ ነው። ቁጥሩ ትክክል ይመስላል፤ የሚታወቀው የታክስ ሰሞን ሲመጣ ነው።

የሥራ ወጪዋ ብዙ አይደለም። የኢንተርኔትና የስልክ ድርሻ፣ የትርጉም ሶፍትዌር፣ የሙያ ኢንሹራንስ፣ የአካውንታንት፣ የባንክና የክፍያ መቀበያ አገልግሎት ዋጋ፣ ሥልጠና። ላፕቶፑን 1,500 ብትገዛውም 3 ዓመት ስለሚሠራ ለዓመቱ የሚደርሰው 500 ነው። ጠቅላላው 3,600 ሆነ። ሁሉንም ስንደምር በዓመት ለደንበኞች መላክ ያለባት ኢንቮይስ 75,760 ዶላር ነው።

«እሺ፣ ለ2,080 ላካፍለው» አለች። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት። 36 ዶላር ከምናምን ይመጣል። «እንግዲያው 30 ያን ያህል የራቀ አልነበረም» ብላ ትንሽ ተነቃቃች።

ደብተሩን ወደ እሷ ገፋሁት። በየቀኑ ምን ምን እንደሠራች ሰዓቱን የመመዝገብ ጥሩ ልማድ አላት። የአንድ ሳምንቱን አብረን አነበብነው። ሰኞ ጠዋት ለ3 ኤጀንሲዎች መልስ መጻፍ። ከዚያ ያልተከፈለ ኢንቮይስ መጠየቅ። ማክሰኞ አንድ ኤጀንሲ «ለሙከራ» ብሎ የላከው ነጻ ትርጉም። ረቡዕ ግማሽ ቀን ከዲዛይነር ጋር ጭቅጭቅ፤ የላከችው አማርኛ የሆስፒታል ብሮሸር ውስጥ ሲገባ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ተመልሷል። የፊደል ዓይነት መርጦ መስጠት፣ ከየትኛው ቃል ላይ መስመሩ እንደሚሰበር ማሳየት፣ እንደገና ማየት። ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ ኢንቮይስ ላይ ግን የለም። ከ40 ሰዓቱ የተከፈለበት 24 ብቻ ነበር። ሌሎቹንም ሳምንታት አየናቸው፤ እዚያው አካባቢ ናቸው።

ሳምንቱም 52 አይደለም። አገር ቤት ለመሄድ 3 ሳምንት፣ ለሁለቱም አገር በዓላት ተደምሮ 2፣ ለሕመም 1። 46 ቀረ። 46 በ24 ሲባዛ 1,104 ሰዓት ነው። 75,760 ለ1,104 ሲካፈል 68.60 ዶላር ይመጣል። እሷ በ30 ነው የሸጠችው።

ዝም አለች። ከዚያ «ጋሼ፣ በአማርኛ በሰዓት 69 ዶላር ማን ይከፍለኛል?» አለች።

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ቀጥታ መልሱ «አንዳንዱ» የሚል ነው። 69 የሚነግራት ገበያው የሚከፍለውን ሳይሆን ሰዓቷ የሚያስወጣትን ነው። ያንን ካወቀች በኋላ የትኛው ሥራ እንደሚያከስራት ትለያለች። ለምሳሌ በቃል ሲከፈላት፣ የራሷን እርማት ጨምሮ በሰዓት 350 የእንግሊዝኛ ቃል ትጨርሳለች። በቃል 15 ሳንቲም ከሆነ በሰዓት 52.50 ነው። 20 ሳንቲም ከሆነ 70። ጽሑፉ የሕግ ውል ሆኖ ፍጥነቷ ወደ 200 ከወረደ ግን ያው 20 ሳንቲም በሰዓት 40 ዶላር ብቻ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የልደት ሰርተፍኬቱ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሁሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን፣ ራሱም ለሥራው ብቁ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጣል። ገጹ ላይ 120 ቃል ቢኖር ነው። እሷ በ15 ሳንቲም አስልታ 18 ዶላር ትቀበላለች። ሥራውን ግን እንየው። በስልክ የተነሳ ፎቶ ይላካል፤ ማኅተሙ ደብዝዟል፤ ሌላ ፎቶ ይጠየቃል። የአባት ስም ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ፊደል ይለያል፤ ይደወላል። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። መስከረም 1 ቀን 1985 የተወለደ ሰው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1992 ነው። መስከረም 1 ቀን 1984 ከሆነ ግን ያለፈችው ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች ሴፕቴምበር 12 ቀን 1991 ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ቀን ብትሳሳት የባለጉዳዩ ሌላ ወረቀት ጋር አይገጥምም። ከዚያ ሠንጠረዡን መሥራት፣ ማረጋገጫውን ፈርሞ መላክ። በደብተሯ ውስጥ እያንዳንዱ ሰርተፍኬት አንድ ሰዓት ገደማ ፈጅቷል። «ለዚህ የቃል ዋጋ አይሠራም፤ መነሻ ዋጋ አውጪ» አልኳት። በ70 ዶላር ተስማማን። የአገሯን ሰው ማስከፈል ከብዷት ነበር፤ ችግረኛ ሲመጣ በነጻ መሥራት ትችላለች፤ ሁሉን በ18 መሥራት ግን ኪራይዋን አይከፍልም።

ያን ሳምንት ለኤጀንሲው የአርትዖት ዋጋዋ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 69 እንደሚሆን ጻፈች። «ከ45 በላይ አንችልም» አሉ። ደወለችልኝ፤ እምቢ ልትል ነው። ቆይ አልኳት። ክፍያቸው አይዘገይም፣ ሥራቸውም የተጣራ ነው፤ ስለዚህ ብዛቱን እንመጥን።

በዓመት 400 ሰዓት በ45 ብትሸጥላቸው 18,000 ታገኛለች። የቀሩት 704 ሰዓቶች 57,760 ማምጣት አለባቸው፤ በሰዓት 82 ዶላር። ያ ከባድ ነው። በወር 10 ሰዓት ብቻ ብትሰጣቸው ግን በዓመት 120 ሰዓት ነው፤ 5,400 ዶላር። የቀሩት 984 ሰዓቶች በ71.50 ቢሸጡ ዓመቱ ይሞላል። ከሌሎቹ ደንበኞቿ ላይ የሚጨመረው 3 ዶላር እንኳ አይሞላም።

በወር ከ10 ሰዓት በላይ እንደማትቀበል ጻፈችላቸው፤ ተስማሙ። አሁን የሚገባላትን እያንዳንዱን ክፍያ ባንክ እንደደረሰ 26 በመቶውን ወደ ሌላ አካውንት ታዛውራለች። ከጠቅላላው ገቢ እንጂ ከትርፉ ስለማታሰላው ትንሽ ይተርፋታል፤ ያችን ለሚቀጥለው ላፕቶፕ ትታዋለች። የጁኑን ታክስ በቀኑ ከፍላለች። በየሦስት ወሩ ደግሞ ደብተሯን ታይና 24 ያልነው ሰዓት 24 ሆኖ መቆየቱን ታረጋግጣለች፤ ባለፈው ጊዜ 21 ሆኖ ስላገኘችው ነጻ የሙከራ ትርጉም መሥራት አቁማለች።