«ይሰማኛል፣ ግን አይለይልኝም»

ሦስት ሳምንት ሙሉ የአያቴን ስልክ ስነካካ ከረምኩ። አያቴ አዘዞ ነው የምትኖረው። ማታ ማታ ሚሞሪ ላይ የጫንኩላትን ስብከት ትሰማለች። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍታ ስልኩን ብርጭቆ ውስጥ ትከተዋለች። እንዲያም ሆኖ «ሲያወራ ይሰማኛል፤ ምን እንደሚል ግን አይለይልኝም» ትላለች።

ችግሩ እሷው እንዳለችው ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ቀድሞ የሚደክመው ቀጫጭን ድምፆች ላይ ነው። አናባቢዎቹ ወፍራም ስለሆኑ ይደርሷታል። የ«ሰ» ፉጨትና የ«ፈ» ትንፋሽ ግን በአብዛኛው ከ2 ሺህ ኸርዝ በላይ ስለሆኑ ያመልጧታል። «ሰራ»፣ «ፈራ»፣ «ጠራ» ለእሷ አንድ ናቸው።

የስልኳ ማጫወቻ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ኢኳላይዘር አለው፤ መስመሮቹ አምስት ናቸው፦ 60Hz፣ 230Hz፣ 910Hz፣ 3.6kHz እና 14kHz። መጀመሪያ ድምፁ ግርማ እንዲኖረው ብዬ 60Hzን ከፍ አደረግኩት። ጅልነት ነው። ያቺ ጥፍር የምታክል ስፒከር እንዲህ ያለ ወፍራም ድምፅ ማውጣት አትችልም፤ ዝም ብላ ተንጫረረች።

በሁለተኛው ቀን 3.6kHzን ወደ +12 ወሰድኩት። «ኧረ ልጄ፣ ጆሮዬን በሳኸው!» አለችኝ። ያረጀ ጆሮ ቀስ ያለውን አይሰማም፤ ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ይረብሸዋል። በመሃል ያለው ቦታ ጠባብ ነው።

አሁን የረጋሁበት ይህ ነው። 60Hz እስከ ታች ወርዷል፣ 230Hz −5፣ 3.6kHz +4፣ የቀሩት ሁለቱ ዜሮ ላይ ናቸው። የበለጠ የረዳት የጨመርኩት ሳይሆን የቀነስኩት ነው። ወፍራሙ ሲወርድ ቀጭኑ ራሱ ወጣ።

ለመፈተን ድምፃቸው የሚመሳሰል አሥር ቃላት በራሴ ድምፅ ቀድቼ አጫወትኩላትና ድገሚልኝ አልኳት። ፊት አራቱን ነበር የለየችው፣ አሁን ስምንቱን። ብርጭቆውንም አስወጣሁት፤ ድምፁን ያጎላዋል እንጂ አያጠራውም። በዚህ ግን ትንሽ ተኳርፈናል።

ያልተሳካም አለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሩቅ የተቀዳው ስብከት ምንም አልተሻለውም፤ ማስተጋባቱም አብሮ ከፍ ይላል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ደግሞ ተዉት።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አንዳንድ ስልክ ላይ ኢኳላይዘሩ የሚሰራው ለጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። በስፒከር እያጫወታችሁ 3.6kHzን እስከ ታች አውርዱት። ድምፁ ካልታፈነ አይሰራም ማለት ነው፤ የራሱ ኢኳላይዘር ያለው ማጫወቻ ፈልጉ።

ጥሪ ላይ የእኛም አይሰራም። ትናንት ደውዬ «አባባ ጠራኝ» ስላት «ምነው፣ ምን አይቶ ፈራ?» አለችኝ።