ከሁለት ዓመት በፊት የጻፍኳት ገጽ

ዛሬ ጠዋት አንድ አዲስ ባልደረባችን መጥቶ «ይቺን አንተ ነህ የጻፍካት?» አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሲስተሙ ሲቆም ምን እንደሚደረግ የጻፍኳት አንዲት ገጽ ናት። እኔ ረስቻታለሁ። እሱ ግን ማንንም ሳይጠይቅ በሷ ችግሩን ፈትቶ ጨርሷል። ያኔ በቃል ባስረዳ ኖሮ የሚሰማኝ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሥራ ለቋል።

ከሰዓት ግን ጉራዬ ተነፈሰ። ሰኞ ለአለቃዬ የላክሁት ኢሜይል እስካሁን መልስ የለውም። ከፍቼ አነበብኩት። 11 መስመር የችግሩ ታሪክ ነው። ጥያቄዬ መጨረሻ ላይ ተወሽቋል፤ ያውም «ቢታይ ጥሩ ነው» ተብሎ። ማን ይየው? መቼ? እኔም አላውቅ!

እንደገና ጻፍኩት፦ «የሪፖርቱን ማስረከቢያ ከረቡዕ ወደ ዓርብ ለማዛወር ፈቃድዎን እፈልጋለሁ። የሽያጩ ቁጥር የሚደርሰን ሐሙስ ነው። እባክዎ እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ያሳውቁኝ።» 20 ደቂቃ ሳይሞላ «እሺ» መጣ።

ለካ ግልጽ አድርጎ ለመጻፍ የሚያስፈልገኝ ልምምድ እጄ ላይ ነበር። ከእንግዲህ ዓርብ ዓርብ፣ በሳምንቱ ከላክኋቸው መልእክቶች አንዱን አወጣለሁ። ሳላየው «አንባቢው ምን እንዲያደርግ ነው የፈለግኩት?» ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ያ ዓረፍተ ነገር መልእክቱ መጀመሪያ ላይ ከሌለ እንደገና እጽፈዋለሁ። «ምን ማለትህ ነው?» የሚል መልስ የመጣበት ካለ ደግሞ ቅድሚያ የሱ ነው፤ የጎደለውን አንባቢው ራሱ ነግሮኛላ።

መርዶ ሲሆን ግን ይሄ አይሠራም። እሱን ሄዶ ፊት ለፊት መናገር ነው።