ለዓይን ነው ለጆሮ?

እሺ ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ባህር ዳር ባዛር ላይ ቆሜያለሁ፣ ከፊቴ ብልቃጥ ማር ተደርድሯል፣ አንዲት እናት መጡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስቲከሩን ቀረብ ራቅ እያደረጉ አነበቡት አነበቡትና «ልጄ፣ ይሄ ጠብታ ለዓይን ነው ለጆሮ?» አሉኝ። ጮክ ብለው። አጠገቤ በርበሬ የምትሸጠው ልጅ ሳቋን ልትደብቅ ጎንበስ አለች፣ እስካሁን ቀና ያለች አይመስለኝም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ማርኬቲንግ ተምሬያለሁ እያልኩ አገር ስለማደክም የማር ማህበራችንን ስም እንዳወጣ ተሰጠኝ፣ እኔም ሌሊቱን ሳልተኛ «ወርቃማ ጠብታ» ብዬ ከነሎጎው መጣሁ። ከኔ በፊት «ህብረት» እና «እድገት» የሚል ሃሳብ ቀርቦ ነበር፣ አዛውንቶቹ ግን ፊታቸው ጠቆረ። እነሱ በደርግ ጊዜ ወልባ በሚባለው የገበሬዎች ማህበር መሬቱም በሬውም ሞፈሩም የጋራ ሲሆን አይተዋል፣ በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅም ተከፋፍለው ወደየቤታቸው የገቡ ናቸው። «ደሞ ልትመልሱን ነው?» አሉ። በዚህ መሀል የኔ ጠብታ ምንም ትዝታ የሌለው ንጹህ ስም መስሎኝ ደስ አለኝ።

አንድ ሽማግሌ ብቻ እጃቸውን አወጡ። «እኔ አርባ ኪሎ ማር ቆርጬ ተሸክሜ መጥቼ ጠብታ ልባል?» አሉ። ብራንዲንግ ነው አባ፣ አልኳቸው (አዎ፣ ብራንዲንግ አልኩ፣ እንዲህ ነኝ)። ሁሉም ዝም አለ፣ እኔም ዝምታውን እሺታ ብዬ ቃለ ጉባኤው ላይ አስጻፍኩት።

እሺታ አልነበረም። አንድም አባል ስሙን ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ገበያ ላይ «የት ነው የምታስረክበው?» ሲባሉ «ለዛ ልጅ» ነው የሚሉት። ማህበሩ የኔ ሆኖ አረፈዋ! ለኔ የሚመጣው ደግሞ ከአሮጌው የማር እንጀራ የተጠፈጠፈው ጠቆር ያለው ማር ነው፣ ነጩ ለነጋዴ ይሄዳል። ሰው የኔ ላላለው ነገር ነጭ ማር አያመጣም፣ እኔም ብሆን አላመጣም።

ወደ ባዛሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሴትዮዋ መጀመሪያ ብቻ ነበሩ። የኛ ማር ህዳር ላይ የሚቆረጥ የኑግና የአደይ አበባ ማር ነው፣ እሱ ደግሞ ግሉኮሱ ስለሚበዛ ቶሎ ይረጋል። ጤነኛ ማር ነው፣ ብልቃጡን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ብታቆዩት ይፈታል። አንዱ ሰውዬ መጣና ክዳኑን ከፍቶ ገለበጠው። ጠበቅን። እኔም እሱም የበርበሬዋ ልጅም ጠበቅን። ምንም። «ጠብታ ብላችሁ አይንጠባጠብም፣ ስኳር ነው» ብሎ አስቀምጦ ሄደ። ስሙ «የረጋ ማር» ቢሆን እኮ ይገዛኝ ነበር! በገዛ ስሜ ተከሰስኩ።

አሁን ደግሞ ማተሚያ ቤቱ። በስማችን መጨረሻ ላይ «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚል አለ፣ ማህበሩ ዕዳ ቢኖርበት አባል የሚጠየቀው በገዛው እጣ ልክ ነው ማለት ነው፣ በቃ። እነሱ ግን ቦታ ተረፈ ብለው እሱን ከ«ማር» በላይ አግዝፈው አተሙት። አንድ ወጣት ቆሞ አነበበና «ሆዴን ቢያመኝ ኃላፊነታችሁ እስከ ስንት ኪሎ ነው?» አለኝ። ስድስት መቶ ስቲከር! ብሩን ቆጥረው ሲቀበሉ ግን ምንም አልተሳሳቱም።

ስመለስ አባ አርባ ኪሎ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሚዛናችን የሚሰቀለው ሾላው ላይ ነው፣ ከፍኖተ ሰላም የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ ማራችንን «የሾላው ስር ማር» ነው የሚለው፣ አባላቱም ሲቀጣጠሩ «ሾላው ስር» ነው የሚባባሉት። «ስም እኮ ነበረን» አሉኝ፣ ሌላ አልጨመሩም። ባይጨምሩም በቂ ነው።

ስም መቀየር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስሙ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ስላለ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ፣ ደንቡ ተሻሻለ፣ ወረዳ ህብረት ስራ ተመላለስኩ፣ ማህተም አዲስ፣ ባንክ አዲስ ደብዳቤ። ጉባኤው ላይ ግን ያ ሁሉ ዝም ያለ ሰው «ሾላው ይባል» «አይ ሾላው ስር ይባል» ብሎ ግማሽ ቀን ተጨቃጨቀ፣ አንዱማ «ሾላው ያለው በኔ አያት መሬት ነው» ብሎ ሊጣላ ተነሳ። እኔ ቃለ ጉባኤ ከመጻፍ በቀር ትንፍሽ አላልኩም። በሳምንቱ ነጩ ማር መጣ።

ወርቃማ ጠብታ የሚለው ስም ግን አልጠፋም። ሚዛኑ ጋ ስደርስ ልጆቹ ሳይቀሩ «ጠብታ መጣ» ይላሉ። የተረፉትን ስቲከሮች እናቴ ወስዳ የአዋዜ ብልቃጥ ላይ ለጥፋቸዋለች፣ እባካችሁ እሱን ግን ዓይናችሁ ውስጥ እንዳታደርጉት።