የዘር ፈሳሽ ምርመራ ውጤትን የማነበው እንዲህ ነው

የዘር ፈሳሽ ምርመራ ውጤት ስቀበል ዓይኔን ቀድሜ የስፐርም ቁጥሩ ላይ አላሳርፍም። መጀመሪያ የማጣራው ናሙናው እንዴት እንደተሰጠ ነው። በላቦራቶሪ ሥራ ደጋግሜ ያየሁት፣ ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ናሙናው ብቻ የተበላሸበት ውጤት ስንት ባልና ሚስት እንደሚያስጨንቅ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ፈሳሹ ለመጨረሻ ጊዜ ከወጣ ስንት ቀን ሆነው የሚል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ሁለት ሳምንት ከተቆየ ደግሞ ቁጥሩ ቢበዛም ያረጁና የሞቱ ስፐርሞች ስለሚበዙ እንቅስቃሴው ይወርዳል። ቀጥዬ ከዕቃው ውጭ የፈሰሰ ነገር እንዳለ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ስፐርም ያለው መጀመሪያ በሚወጣው ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ያ ከፈሰሰ የቀረው ቢመረመርም ትክክለኛውን አያሳይም። ናሙናው ከቤት የመጣ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በልብስ ውስጠኛ ኪስ ሰውነት አጠገብ ተይዞ መድረስ ይኖርበታል። ምራቅ፣ ሳሙና፣ ማለስለሻ ቅባትና ተራ ኮንዶም ስፐርሙን ስለሚጎዱ አይነኩም።

አሁን አንድ ውጤት በምሳሌ እንይ። መጠኑ 1.8 ሚሊ ሊትር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 12 ሚሊዮን ስፐርም፣ ወደፊት የሚዋኙት 20 በመቶ፣ ቅርጻቸው የተስተካከለ 4 በመቶ ነው እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው ዝቅተኛ ልክ በቅደም ተከተል 1.4 ሚሊ ሊትር፣ 16 ሚሊዮን፣ 30 በመቶና 4 በመቶ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ መጠኑን በቁጥሩ አባዛለሁ፤ 1.8 በ12 ሲባዛ 21.6 ሚሊዮን ይሆናል። የጠቅላላው ዝቅተኛ ልክ 39 ሚሊዮን ስለሆነ ይህ ናሙና በቁጥርም በእንቅስቃሴም ያንሳል። ቅርጹ ግን ልኩ ላይ ነው። ከመቶ 96ቱ ቅርጻቸው የተበላሸ ነው ሲባል የሚደነግጥ ብዙ ነው፤ ልጅ በወለዱ ወንዶችም ዘንድ የሚታይ ነገር ነው።

እነዚህ ልኮች መካንን ከወላድ የሚለዩ ድንበሮች አይደሉም። የተወሰዱት ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙ ወንዶች ነው፤ ከእነሱም 5 በመቶው ከልኩ በታች ነበሩ። ከልኩ በታች መሆን ዕድሉን ያሳንሳል እንጂ በሩን አይዘጋም።

ለዚህ ሰው የማቀርበው ቀጣይ ጥያቄ ስላለፉት ሦስት ወራት ነው። ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ ከዚያም እስኪወጣ ተጨማሪ ቀናት አሉት። ዛሬ የሚታየው የያኔው ሥራ ውጤት ነው። ከስድስት ሳምንት በፊት በታይፎይድ ወይም በወባ ከፍተኛ ትኩሳት ይዞት ከነበረ፣ ውጤቱን ያወረደው ትኩሳቱ ሊሆን ይችላል። ምርመራው ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። በድጋሚው 2.4 ሚሊ ሊትር፣ 31 ሚሊዮንና 38 በመቶ ቢመጣ ጠቅላላው 74.4 ሚሊዮን ነው፤ ጉዳዩ በዚሁ ይዘጋል። ካልተሻሻለ ግን ሐኪሙ ሰውየውን አቁሞ በቆለጡ ላይ ያበጠ ደም ሥር፣ ማለትም ቫሪኮሲል፣ መኖር አለመኖሩን ይዳስሳል፤ ሆርሞንም ያስመረምራል።

በእነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ የሚቆም ነገር ካለ መቆም ያለበት አሁን ነው። የዘር ፍሬ ከሰውነት ወጣ ብሎ የተንጠለጠለው ትንሽ ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ ሳውና፣ የሞቀ ገንዳ፣ ጭን ላይ የሚቀመጥ ላፕቶፕ ይቀራሉ። ሲጋራና ሺሻ ይቆማሉ፣ መጠጥ ይቀነሳል፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትም ቢቀንስ ይጠቅማል። ከሁሉ አብልጬ የምጠይቀው ግን ጂም ውስጥ ለጡንቻ ስለሚወሰድ ቴስቶስትሮን ነው። ከውጭ ሲገባ አንጎል የዘር ፍሬውን የሚያዝዘውን ሆርሞን ያቆማል፤ ስፐርሙ ዜሮ ሊደርስ ይችላል። ወንድነትን ያጠነክራል ብሎ የሚወስደው ሰው ይህን የሚነግረው አያገኝም። ከተቋረጠ በኋላ ለመመለስ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል።

ዜሮ የመጣ ውጤት ለብቻው ይታያል። ናሙናው በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ዝቃጩ በማይክሮስኮፕ ካልታየ "የለም" አይባልም፤ በሌላ ናሙናም ይረጋገጣል። ፈሳሹ ትንሽና አሲዳማ ከሆነ መተላለፊያው መዘጋቱን ወይም ከተፈጥሮ አለመኖሩን እጠረጥራለሁ። መጠኑ ደህና ሆኖ ኤፍኤስኤች የተባለው ሆርሞን ከፍ ካለና የዘር ፍሬው ካነሰ ግን ችግሩ ማምረቱ ላይ ነው። በሁለቱም ሦስት ወር አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ዩሮሎጂስት ይኬዳል። የሚስትም ምርመራ ከባል ጎን ለጎን ይሄዳል፤ በተለይ ዕድሜዋ 35 ካለፈ።