23ኛው ጥያቄ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያለ ምክንያት ከፍቶኝ ነበር። ዝናቡ ቢሮውን አጨልሞት፣ ቡናዬም ቀዝቅዞ ሳለ፣ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣዋ ልጅ በሩን አንኳኩታ ገባችና «መምህር፣ ይቅርታ፣ 23ኛው ላይ ለምን እንደተሳሳትኩ ባውቅ ብዬ ነው» አለችኝ። «ጥያቄውን ደግመሽ አንብቢው» ብዬ ሸኘኋት። ከወጣች በኋላ ግን ጥያቄውን ደግሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ከወለደች አንድ ሰዓት የሆናት እናት ብዙ ደም እየፈሰሳት ነው፤ ማህፀኗ ሲዳሰስ የላላ ነው፤ ነርሷ በመጀመሪያ ምን ታድርግ? ምርጫዎቹ ማህፀኑን ማሸት፣ ረዳት መጥራት፣ ፊኛዋን ባዶ ማድረግ እና የደም ግፊት መለካት ናቸው። የመልስ ቁልፌ ማሸት ይላል።

የ60ዎቹን የመልስ ወረቀት በጠቅላላ ውጤታቸው ቅደም ተከተል ደረደርኩና ከላይ 16፣ ከታች 16 ለየሁ፤ ይህም ከክፍሉ 27 በመቶ ያህሉን ከየጫፉ መውሰድ የሚለው የተለመደ አሠራር ነው። ከላይኞቹ 5፣ ከታችኞቹ 9 ተማሪዎች በትክክል መልሰዋል። የሁለቱ ድምር 14 ለ32 ሲካፈል የክብደት መለኪያው 0.44 ይሆናል። (ስሙ የክብደት መለኪያ ይባል እንጂ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጥያቄው ቀላል ነው፤ ይህን ስም ያወጣለት ሰው ተማሪ አስተምሮ የሚያውቅ አይመስለኝም።) 0.44 እንግዲህ በጣም ያልከበደ፣ በጣምም ያልቀለለ ጥያቄ ነው፤ ይህን ብቻ ባይ ኖሮ ተመስገን ብዬ አልፈው ነበር።

ጥያቄው የሚያውቁትን ከማያውቁት ምን ያህል እንደሚለይ የሚያሳየው የመለየት መለኪያ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። ከ5 ላይ 9 ሲቀነስና ለ16 ሲካፈል ከዜሮ በታች 0.25 ይመጣል፤ ማለትም ትምህርቱን ይበልጥ የሚያውቁት ይበልጥ ተሳስተዋል። በእያንዳንዱ ጫፍ 16 ሰው ብቻ ሲኖር አንድ ተማሪ መልሱን ቢቀይር ቁጥሩ በ0.06 ያህል ስለሚናወጥ፣ በ0.15 እና በ0.20 መካከል ስላለው ልዩነት አልከራከርም ነበር። ይህኛውን ግን በአጋጣሚ ላሳብበው አልቻልኩም፤ ምክንያቱም የተሳሳቱት ከላይኞቹ 11 ተማሪዎች አንድ ሳይቀሩ የመረጡት ረዳት መጥራትን ነው። ከታችኞቹ ይህን የመረጡት 3 ብቻ ናቸው።

ልጆቹ የተሳሳቱት ስላላጠኑ ሳይሆን ስላጠኑ ነው። የድኅረ ወሊድ ደም መፍሰስን ስናስተምር የመጀመሪያው እርምጃ ረዳት መጥራት እንደሆነ፣ ማህፀኑን ማሸትም ወዲያው እንደሚከተል የምንነግራቸው እኛው ነን። እኔም ማዋለጃ ክፍል በሠራሁበት ዘመን እጄ የእናቲቱ ሆድ ላይ፣ ድምፄ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ የትኛው እንደቀደመ ቢጠይቁኝ አላውቅም።

ስለዚህ ጥያቄውን አልጣልኩትም፤ ገላጩን ክፍል ግን እንዲህ ለወጥኩት፦ «ረዳት ተጠርታ ኦክሲቶሲን እያዘጋጀች ነው፤ ከእናቲቱ አጠገብ ያለችው ነርስ ወዲያው በእጇ ምን ታድርግ?» ከ32ቱ አንድ ሰው ብቻ የመረጠውን የደም ግፊት መለካትን አወጣሁት፤ ማንንም የማያሳስት ምርጫ ወረቀት ከመሙላት በቀር ሥራ የለውም። በእሱና በረዳት መጥራት ፈንታ የእንግዴ ልጁን ሙሉነት ማጣራትንና የብልት መቀደድን መፈለግን አስገባሁ፤ ሁለቱም መደረግ ያለባቸው ቢሆኑም ማህፀኑ የላላ ሆኖ ሳለ ከማሸት አይቀድሙም። ለዘንድሮዎቹ ደግሞ ማሸትንም ረዳት መጥራትንም ልቀበል ወስኛለሁ። አዲሱ ጥያቄ ይለይ አይለይ የሚታወቀው ግን የሚቀጥሉት ተማሪዎች ሲፈተኑበት ነው።

ደም ከመስጠት በፊት የታካሚዋን ማንነት ስለማረጋገጥ የሚጠይቀውን ደግሞ፣ ከላይኞቹ 16፣ ከታችኞቹ 15 መልሰውት የመለየት መለኪያው 0.06 ብቻ ቢሆንም አልነካሁትም። እሱን ሁሉም እንዲመልሱት ነው የምፈልገው፤ ይልቅ ያቺ አንዷ የሳተችው ናት እንቅልፍ የምትነሳኝ።

ይህን ስጽፍ መሸ። መጀመሪያ ያስከፋኝ ምን እንደነበር ጠፍቶኛል። 23ኛውን ግን ሳልለውጠው ለሦስት ተከታታይ ክፍል ፈትኜበታለሁ፤ ከእነዚያ መካከልም በዚህች አንድ ነጥብ ማርኳ የወረደባት ትኖር ይሆናል። ነገ ጠዋት ልጅቷን ጠርቼ ምን ልበላት? ጥያቄውን ደግሜ አነበብኩት ነው የምላት?