31 ጊዜ «መንጋ»

ሥራው የልጆች ፊልም ነበር፤ ርዝመቱ 26 ደቂቃ፣ ቦታው የመንዝ ጓሳ። የእንግሊዝኛውን ትረካ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። በአራት ቀን ጨርሼ አስረከብኩና ቀረጻው ላይ ልገኝ ስቱዲዮ ሄድኩ። ተራኪው ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ንባቡን አቋረጡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ልጅ፣ ቀበሮ ከመቼ ወዲህ ነው መንጋ የሆነው? ማን ነው የሚያግደው?»

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛው ላይ እኮ የቡድን ስም አለው።»

«እንግሊዝኛውን መች አየሁት? እኔ የማነበው ያንተን ነው።»

ቀረጻው ለሳምንት ተላለፈ። ማታ ቤቴ ገብቼ ፋይሉ ውስጥ «መንጋ» የሚለውን ፈለግሁ፤ 31 ቦታ ወጣ። የበግ መንጋ፣ የጭላዳ መንጋ፣ የቀበሮ መንጋ፣ የወፍ መንጋ፣ አንድ ቦታ ላይማ «የገበያተኞች መንጋ»። እንግሊዝኛው ለየእንስሳው የተለያየ ቃል አለው፤ የያዝኩት መዝገበ ቃላት ግን ለሁሉም የሚሰጠኝ አንድ ቃል ነው። እኔም የሰጠኝን ተቀበልኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት መፍትሔ ከስህተቱ የባሰ ሆነ። ለየእንስሳው የየራሱን ስም ልፍጠርለት አልኩ። ፊልሙ መሃል ላይ የልጆች ጥያቄና መልስ አለ፤ እዚያ ላይ እንግሊዞች የተሰበሰቡ ቁራዎችን «ግድያ» ብለው እንደሚጠሩ ይነገራል። «የቁራዎች ግድያ» ብዬ ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩት። የፖሊስ ዜና ሆነብኝ። የስያሜውን ምንጭ ስፈልግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1486 እንግሊዝ አገር፣ ሴንት ኦልባንስ በምትባል ከተማ የታተመ የአደን መጽሐፍ ላይ ደረስኩ። መኳንንቱ በአደን ሜዳ የሚያሳምሩት አነጋገር ዝርዝር አለው፤ ከአንበሳና ከቁራው ጎን የዳኞችና የመነኮሳይያት መጠሪያም ተጨምሮበታል፤ ለመነኮሳይያቱ የሰጣቸው ስም «ትርፍ» የሚል ነው። ግማሹ ቀልድ ነው ማለት ነው። የሰው አገር መኳንንት ቀልድ ለመንዝ ቁራ ስም ሊሆን አይችልም፤ ጥያቄውን ከነመልሱ ቆረጥኩት። በፊልሙ ላይ ያለው ቁራ ደግሞ፣ ያ አፈ ወፍራሙ የደጋ ቁራ፣ በብዛት የሚታየው ሁለት ሁለት ሆኖ ነው። «ቁራዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው» ብዬ አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ መዝገበ ቃላቱን ዘጋሁና ፊልሙን ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። በየትዕይንቱ ላይ የጠየቅሁት፣ እነዚህ እንስሳት አንድ ላይ የሆኑት ምን ለማድረግ ነው? የሚል ነበር። ሥራዬን የለወጠው ይኸው ነው፤ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝም ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳ የሚተርከው ክፍል ላይ ነው።

ቀይ ቀበሮ በጋራ ይኖራል፣ ብቻውን ያድናል። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ስለሆነ አንዲት አይጥ ለመያዝ ስድስት ሆኖ መሄድ ጥቅም የለውም። ማለዳና ማታ ግን ይገናኛሉ፤ ይተሻሻሉ፣ ይላላሳሉ፣ ወሰናቸውን አብረው ይዞራሉ። ቡችላ ሲወለድ ያልወለዱትም ጭምር ያበላሉ፣ ይጠብቃሉ። ይህ በምንም መልኩ መንጋ አይደለም። መንጋ ስንል አብሮ የሚነዳ፣ አብሮ የሚግጥ፣ አብሮ የሚገባ ነው የሚታየን፤ እረኛ ባይኖረው እንኳ የእረኛው ጥላ አለበት። «የቀበሮ ቤተሰብ» አልኩት። አርታኢዋ «ሰብ እኮ ሰው ማለት ነው፣ ቀበሮ እንዴት ቤተ ሰብ ይሆናል?» ብላ ተከራከረችኝ። በግዕዙ ከሄድን ልክ ናት። ግን «የድመቷ ቤተሰብ» ሲባል የሚደነግጥ ልጅ አላየሁም፤ አልለወጥኩትም።

ጭላዳው በተቃራኒው ነው። ጭላዳ ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ በዝንጀሮና በጦጣ ዘር ውስጥ እንዲህ በሣር የሚኖር ሌላ የለም። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየነጨ፣ በቂጡ እየተንሸራተተ ቀኑን ሙሉ ይግጣል፤ አንዳንዴም ብዙ መቶ ሆኖ ሜዳውን ይሞላዋል። ለዚህ ከ«መንጋ» የተሻለ ቃል የለም። ተራኪው ቀበሮው ላይ ሲያቆሙኝ «መንጋ» የሚለውን ከጭላዳውም ላይ ልሰርዘው ነበር፤ ተሳስቼ ነበር ማለት ነው። አንዱን ስህተት ያረመ ሰው ቃሉን ጭራሹን ጠልቶት ትክክል በሆነበት ቦታም ይነቅለዋል።

ነገር ግን ጭላዳ አንድ መንጋ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝኛው ሦስት ደረጃ አለው። ሜዳው ላይ ያለው ትልቁ ስብስብ «መንጋ» ተብሎ ተፈታ። ትንሹን በመጀመሪያው ረቂቅ «አንድ ወንድና ሚስቶቹ» ብዬው ነበር። ነገሩን ሳጠና ግን የሚቀመጡት ሴቶቹ ናቸው፤ እናት፣ ልጅ፣ እህት ሆነው። ወንዱ ሌላ መጥቶ እስኪያባርረው ድረስ ነው የሚቆየው። ስለዚህ «እናቶች፣ ሴት ልጆችና እህትማማቾች፤ ከእነሱም ጋር አንድ አውራ ወንድ» አልኩ። በቃላት ቁጥር ረዘመ፣ በእውነት ግን ቀረበ። የመካከለኛው ደረጃ፣ ማለትም አንድ አካባቢ የሚጋሩ የብዙ እናቶች ቤቶች፣ ሁለት ቀን አስቀመጠኝ። «ጎሳ» አልኩና ወዲያው ሰረዝኩት፤ በዛሬ ጊዜ ያ ቃል ልጆች ፊልም ውስጥ ከገባ ወላጅ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። «ነገድ»ም ያው ነው። «ቡድን» ደግሞ ኳስ ሊጫወቱ የወጡ አስመሰላቸው። በመጨረሻ ወደ ሥዕሉ ተመለስኩ። ጭላዳ ሲመሽ ገደል ወርዶ ነው የሚያድረው። «የአንድ ገደል ጎረቤቶች» ብዬ ጻፍኩ። የሳይንስ ስም አይደለም፤ ለጥናት ጽሑፍ አልጠቀምበትም። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ማን ከማን ጋር እንደሆነ ይነግረዋል።

የፊልሙ ምርጥ ትዕይንት ሁለቱ እንስሳት የሚገናኙበት ነው። ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሃል ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ እነሱም አይሸሹም። ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው በጭላዳዎች መሃል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ከሞከረው 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ያለ እነሱ ሲሞክር ግን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ረቂቄ «ከቀበሮ መንጋ የመጣ አንድ ቀበሮ ወደ ጭላዳ መንጋ ገባ» ይል ነበር፤ ሁለት መንጋ ሊዋጋ የተሰለፈ ይመስላል። አሁን «ከቤተሰቡ ተለይቶ የወጣ አንድ ቀይ ቀበሮ በጭላዳው መንጋ መሃል ይመላለሳል» ሆነ። ብቸኛውና ብዙዎቹ በቃሉ ብቻ ተለዩ።

ሰዎቹ ጋ ስደርስ ሌላ ነገር ገባኝ። «የገበያተኞች መንጋ» የሚለውን ምን ነክቶኝ እንደጻፍኩት እስካሁን ያሳፍረኛል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ምእመናን «መንጋህን ጠብቅ» ሲባል ፍቅር አለበት፤ በዜና «የመንጋ ፍርድ» ሲባል ግን ድንጋይ የያዘ ሕዝብ ነው የሚታየን። ስለዚህ ሰው ላይ ሲሆን ያለ እረኛው ባትጠሩት ይሻላል። ገበያው ላይ የሚያስፈልገኝ ደግሞ ምንም የቡድን ስም አልነበረም፤ «ገበያተኛው» ብቻውን ይበቃል። ሠርገኛ፣ ለቀስተኛ፣ እድምተኛ፣ ሁሉም በነጠላ ተነግረው ብዙ ሰው ይይዛሉ። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ስንል አንድ ሰው መጣ ብሎ የሚሰማ የለም።

አጨዳው ላይ «የገበሬዎች ቡድን ገብስ ያጭዳል» ብዬ ነበር። ገጠር ያደገችው አክስቴ ጋ ደወልኩና አነበብኩላት።

«ደቦ ነው ወይስ ወንፈል?» አለችኝ።

«እትዬ፣ በምን አውቃለሁ?»

«ጠላው የማን ነው? ላብላችሁ ላጠጣችሁ ብሎ የጠራ ባለቤት ካለ ደቦ ነው። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን ተባብለው ቀን እየተቆጣጠሩ ከሆነ ወንፈል ነው።»

ትዕይንቱን ደግሜ አየሁት። ከአጫጆቹ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር አንዲት ሴት በእንስራ የመጣ ጠላ እየቀዳች ታድላለች፣ እንጀራ የተሞላ መሶብም ተቀምጧል። ስለዚህ «ደቦ ወጥተው ገብስ ያጭዳሉ» አልኩ። በሌሎች አካባቢዎች ጅጊ የሚባለውም ከደቦ የሚቀራረብ ነው፤ የእኔ ፊልም መንዝ ስለሆነ የመንዙን ያዝኩ።

ከዚያ ወዲህ የቡድን ስም ሲጠፋኝ መጀመሪያ የማየው ግሱን ነው። አማርኛ ብዛትን ግስ ውስጥ መክተት ይወዳል። ጉንዳን ይወራል፣ ይርመሰመሳል፤ ወፍ ማሽላ ላይ ይሰፍራል፤ ሕዝብ ይተማል፣ ይጎርፋል፣ አገር ነቅሎ ይወጣል። «የጉንዳን ቡድን ወደ ቤቱ ገባ» ከማለት «ቤቱን ጉንዳን ወረረው»። የሚቆጠር ነገር ሲሆን ደግሞ መያዣው ወይም ማሰሪያው ስሙን ይሰጣል፤ አንድ ቀፎ ንብ፣ አንድ ጥማድ በሬ። ለልጆች ሲሆን «እነ» የምትለዋን ትንሽ ቃል አትናቋት። የፊልሙ መክፈቻ «የጓሳ እንስሳት ቡድኖች» ይል ነበር፤ «እነ ጭላዳ፣ እነ ቀይ ቀበሮ» ብዬ ስለውጠው አርታኢዋ ሳትናገር አለፈችው፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«እነ» ስሙ ለታወቀ እንጂ ለማይታወቅ አይሆንም፤ ፊልሙ መሃል ገና ያልተዋወቅነው እንስሳ ሲመጣ «እነ» ብዬ አፈረስኩት፣ መልሼም አወጣሁት። ግሱም ከልክ ሲያልፍ ያጋንናል፤ አራት ፍየል «ጎረፉ» ማለቴን ያየሁት ሦስተኛው ንባብ ላይ ነው።

በሳምንቱ ስቱዲዮ ተመለስን። ከ31 «መንጋ» 7 ቀርቷል፤ አምስቱ የጭላዳ፣ ሁለቱ የበግ። ተራኪው ያለ ምንም ማቆም እስከ መጨረሻው ገጽ ደረሱ፤ እዚያ ጋ «ጭላዳዎቹ ተሰብስበው ወደ ገደሉ ይወርዳሉ» የሚል አለ። መነጽራቸውን ሊያወልቁ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

«‹ግር ብለው› በለው» አሉ፣ ሳያወልቁ። በእርሳስ አረምኩትና ቀረጻው ቀጠለ።